ሦስተኛው ፕሮፎርማ

ነገሩ ምስጋና ነበር። ቶሎ ያልገባኝም ለዚህ ይመስለኛል።

የምሠራው ጅማ ውስጥ ጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ለዓመታት ደንበኞች አገልግሎት ላይ ነበርኩ። ስልክ አነሳለሁ፣ ብልሽት እመዘግባለሁ፣ መካኒክ እመድባለሁ፣ የተቆጣ ሰው አረጋጋለሁ። በኋላ የሽያጭ ቦታ ተከፈተና ተዛወርኩ። በዚያ ሰሞን የአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ደጋግሞ ፕሮፎርማ ይጠይቀኝ ነበር። አንዴ ጄኔሬተር፣ አንዴ ፓምፕ፣ አንዴ ስታቢላይዘር። ጠዋት ይደውላሉ፣ ከምሳ በፊት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እጃቸው ይገባል።

አንድ ቀን ራሴ ይዤ ሄድኩ። የግዥ ሠራተኛዋ ተቀበለችኝና ፈገግ አለች። «ተባረኪ እህቴ። ሁለቱ ከመጡ ቆይተዋል፤ ሦስተኛው ብቻ ነበር የጎደለን። አንቺ ቶሎ ስለምታደርሺልን እኮ ነው ሁሌ አንቺ ጋ የምንደውለው» አለችኝ። ወረቀቴን ከሁለቱ ጋር በክሊፕ አያያዘችው። ከላይ የነበረውን ሳላስበው አየሁት። የጠየቁኝ መግለጫ ቃል በቃል እዚያ ላይ ነበር። የነዳጅ ጋኑ ሊትር፣ የማሽኑ ርዝመትና ስፋት፣ ሌላው ቀርቶ የድምፅ መጠኑ። ማለትም መግለጫው የተጻፈው የሌላ አቅራቢ ብሮሹር ፊት ለፊት ተዘርግቶ ነው።

ሴትየዋ ክፉ ነገር አላደረገችም። መመሪያው ቢያንስ ሦስት ዋጋ አሰባስቡ ይላል፣ እሷም አሰባሰበች። የሚገርመው የእኔ ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተመሰገንኩ እኮ! የባጃጅ ወረፋ ስጠብቅ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝና ለሳምንታት አልለቀቀኝም። በደንበኞች አገልግሎት ያስመሰገነኝ ነገር ሁሉ ይኸው ነበር፦ ቶሎ መመለስ፣ ሳያስቸግሩ መስጠት፣ ሰውን አለማስጠበቅ። ያው ባሕርይ እዚህ ወንበር ላይ የሌላ ሰው ሽያጭ ማሟያ ካደረገኝ፣ ከዚያ ይዤው የመጣሁት ሌላው ነገርስ? የቱ ይጠቅመኛል? የቱን ነው በር ላይ አውልቄ መግባት ያለብኝ?

ጥያቄን መዝጋትና ጥያቄን ክፍት መተው

በደንበኞች አገልግሎት ሰው ወደ አንተ የሚመጣው ችግሩን ይዞ ነው። «ማሽኑ አልነሳ አለ» ይልሃል። ችግሩ መኖሩ አያከራክርም፣ ማን መፍታት እንዳለበትም ይታወቃል። የቀረው ፍጥነት ነው። ስለዚህ አእምሮህ አንድ ነገር ይለምዳል፦ ክፍት የሆነን ጥያቄ በፍጥነት መዝጋት። ክፍት ጥያቄ ማለት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚቆጣ ሰው ነው።

ሽያጭ ላይ ሰው ሲደውል የሚጠይቀው መልሱን ነው። «የ20 ኬቪኤ ጄኔሬተር ዋጋ ስንት ነው?» ይላል። ችግሩን አልነገረህም። ምናልባት እሱም በቅጡ አላሰበው ይሆናል። ዋጋውን ከነገርከው ጥያቄው ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ። እጁ ላይ የቀረው አንድ ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር ያስተያያል፣ ያነሰውን ይገዛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ነው፤ ልዩነቱ ሽያጭ ላይ ያፈሰስከውን የሚለቅመው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ከአገልግሎት ወደ ሽያጭ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ምን ይማር ብባል፣ ማሳመንን አልጠቅስም። የመናገር ችሎታንም። ዋጋ ከመስጠት በፊት መጠየቅን ነው የምለው። ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ዓመታት ሙሉ ቶሎ በመመለስ ለኖረ ሰው ግን ሰውነት ይታገለዋል። ደዋዩ ዋጋ እየጠበቀ «ይቅርታ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ማለት ነውር ይመስለዋል፤ ለእኔም እንደዚያው ነበር።

ያቀለለልኝ ነገር ከማላስበው ቦታ መጣ። የድሮ ወንበሬ መሳቢያ ውስጥ ካለው የብልሽት መዝገብ።

መዝገቡ የሰጠኝ ጥያቄዎች

በቡና ወራት ወደ እኛ የሚገባው የስልክ ጥሪ ባብዛኛው ከአጋሮ፣ ከጎማ፣ ከሊሙ በኩል የእሽት ቡና ማጠቢያ ሳይቶች ነው። ቅሬታቸውን ስታዳምጥ ብትውል በቃልህ ትይዘዋለህ። «ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ፈልፋዩን ስናስነሳው ግን ያቃስትና ይጠፋል።» መካኒክ ልከህ ስታጣራ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ችግሩ የተሸጠ ቀን የተፈጠረ ነው፤ መጠኑ አልተሰላም። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ለማንኛውም» ተብሎ ትልቅ ጄኔሬተር ይገዛል። ሌሊት ሌሊት ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ይዞ ያድራል። ከአንድ ሦስተኛ በታች በሆነ ጭነት ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በደንብ አይሞቅም፣ ነዳጁንም አቃጥሎ አይጨርስም። በጭስ ማውጫው ጥቁር ዘይት የመሰለ ነገር ይንጠባጠባል። ደዋዩ «አዲስ ማሽን ዘይት ያፈሳል!» ብሎ ይጮኻል።

እነዚህ ለእኔ የአገልግሎት ትዝታዎች ነበሩ። ሽያጭ ላይ ሲያዩአቸው ግን እያንዳንዱ ቅሬታ ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው። ከአገልግሎት ወደ ሽያጭ ከሚሻገሩት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ትሕትናውና ትዕግሥቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ማወቅ! ብዙ የሽያጭ ሰው ይህን አያውቅም፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ስልኩን የሚያነሳው እሱ አይደለም።

አንዱን ጉዳይ ልተርክ። ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ ገና አላባራም። አጋሮ አካባቢ የማጠቢያ ሳይት ያላቸው አንድ ሐጂ ደወሉ። «አንቺ ብልሽት ስንናገር ስልክ የምታነሺው ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ፤ በድምፄ ለዩኝ። የ20 ኬቪኤ ዋጋ ፈለጉ። ለምን 20 እንደሆነ ስጠይቃቸው ጎረቤታቸው 20 መግዛቱን ነገሩኝ። (ንግግራችን በአፋን ኦሮሞ ነበር። ከጅማ ወጣ ብሎ የሚሸጥ ሰው ቋንቋውን ካልቻለ ግማሹ ጉዳይ ያመልጠዋል።)

«ሐጂ፣ ዋጋውን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ሞተሮቹ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ብረት ፎቶ አንስቶ የሚልክልኝ ሰው አለ?» አልኳቸው። የሳይቱ ሞተሪስት ላከልኝ። የመፈልፈያው ሞተር 7.5 ኪሎዋት፣ የውኃ ፓምፑ 5.5 ኪሎዋት። ለመብራትና ለጥቃቅን ነገር አንድ ኪሎዋት ጨመርኩ። ድምሩ 14 ነው። የ20 ኬቪኤ ጄኔሬተር በ0.8 ሲባዛ 16 ኪሎዋት ይሰጣል። በወረቀት ይበቃል። ጎረቤትየውም እንዲህ ብሎ ይሆናል የገዛው።

መዝገቡን ያነበበ ሰው ግን እዚህ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው 7.5 የሚሰጠው ጉልበት ነው፤ ያንን ለመስጠት ከመስመሩ የሚስበው ከዚያ ይበልጣል፣ ወደ 8.6 ይጠጋል። ፓምፑም እንዲሁ 6.4 ገደማ ይስባል። ድምሩ 16 ሆነ፤ ማሽኑ ገና ከመነሻው እስከ አንገቱ ሞላ። ከዚያ ደግሞ ከፍታ አለ። በእኛ አገር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከተጻፈለት ጉልበት ጥቂት በመቶ ያጣል። ከሁሉ የባሰው ማስነሳቱ ነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው ስድስት እጥፍ ያህል ከረንት ይጠይቃል። ያቺ ቅጽበት ናት «ያቃስትና ይጠፋል» የምትባለው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነበር። ወይ 50 ኬቪኤ ገዝቶ በቀጥታ ማስነሳት፣ ወይ 30 ኬቪኤ ገዝቶ ለትልቁ ሞተር ስታር ዴልታ ማስነሻ መግጠም። ስታር ዴልታ የመነሻውን ከረንት ወደ ሲሶ ያወርደዋል። የመጀመሪያው ለእኛ ብዙ ገንዘብ ያመጣል። ነገር ግን ሌሊት መብራት ብቻ ይዞ የሚያድር 50 ኬቪኤ በዓመቱ ጥቁር ዘይት እያንጠባጠበ ወደ ድሮ ወንበሬ እንደሚደውል አውቃለሁ። 30ውን መከርኩ። አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመርኩ፦ በስታር ዴልታ ሲነሳ የሞተሩ ጉልበትም ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፈልፋዩ ባዶውን መነሳት አለበት፤ እሽት ከተሞላበት በኋላ አይነሳም። መጀመሪያ ፈልፋዩ፣ እሱ ሲረጋ ፓምፑ፣ ከዚያ ቡናው።

ይህን ለሞተሪስቱ ስነግረው ድምፁ ተለወጠ። «ይሄን የነገረን ሰው የለም» አለ። ማንንም ለማሳመን አልሞከርኩም። የማውቀውን ነው የተናገርኩት።

ገንዘቡ መቼ ይመጣል፣ ማንስ ይፈርማል?

እዚህ ድረስ የአገልግሎት እውቀት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አዲስ ነበር፤ መዝገቡ ውስጥም አልነበረም።

የእኛ ቤት አንጋፋ ሻጭ፣ ጋሼ የምንለው፣ ስሌቴን አየልኝ። «ጎበዝ። ልክ ነው። ግን ማን ነው የሚከፍለው?» አለኝ። «ሐጂ ናቸዋ» አልኩ። «በምን ብር? መቼ?» አለኝ። እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም።

የቡና ሰው ገንዘብ ወቅት አለው። እሽት መልቀም የሚጀመረው መስከረም መጨረሻ ጥቅምት አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ ባለ ሳይቱ እጁ ላይ ያለው ብር፣ ከባንክ የተበደረውም ጭምር፣ ለእሽት መግዣ ነው። ለማሽን አይነካውም። ሽጦ ብር ሲያገኝ ደግሞ ወቅቱ አልፏል፤ ጄኔሬተር የሚያስፈልገው ሰው መሆኑ ቀርቶ ጄኔሬተር «ለከርሞ» የሚያስብ ሰው ሆኗል። ስለዚህ ለቡና ሳይት የሚሸጥ ሰው ጥያቄ «ይፈልጋል ወይ?» አይደለም። «ገንዘብም ፍላጎትም ባንድ ላይ ያለበት ሳምንት የቱ ነው?» ነው። ለሐጂ ያ ሳምንት ነሐሴ ውስጥ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀንፈል የቀረውን ሸጠው፣ ብድሩ ገና ሳይለቀቅ።

ይህን ያወቅኩት በመጠየቅ ነው፤ አጠያየቁን ግን ጋሼ አስተማረኝ። «ወሳኙ ማን ነው?» ብለህ ሽማግሌ አትጠይቅም፤ ስድብ ነው። «ባለፈው ፓምፑን ሲገዙ እንዴት ነበር ያደረጉት?» ትላለህ። ሰው ያለፈውን ሲተርክ ሁሉንም ይነግርሃል። ሐጂም ነገሩኝ። ዕቃውን ሞተሪስቱ ያያል። ብሩን እሳቸው ያወጣሉ። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ሳይጠየቅ ምንም አይገዛም፤ መርካቶ ዞሮ ዋጋ የሚያጣራው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ለሐጂ ባዶ ፕሮፎርማ ብልክ ኖሮ ወረቀቱ በቴሌግራም ለልጅየው ይደርሳል። ልጅየው የኔን 30 ኬቪኤ ዋጋ መርካቶ ካየው የ20 ኬቪኤ ዋጋ ጎን ያስቀምጠዋል። «አባ፣ አታለሉህ» ይላል። እኔ እዚያ የለሁም። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ አንድ ገጽ ጨመርኩ። የሞተሮቹ ፎቶ፣ ስሌቱ በአምስት መስመር፣ 20ው ለምን እንደሚጠፋ፣ የማስነሳቱ ቅደም ተከተል። ወረቀቱ ያለ እኔ ተጉዞ ለማላውቀው ሰው መናገር እንዲችል። ከዚያ ሐጂን አስፈቅጄ ለልጁ ራሴ ደወልኩ።

ሌላም ጥያቄ ነበር፤ ይህኛው ለአገልግሎት ሰው ከሁሉ ይከብዳል። «ሐጂ፣ አምና መብራት ሲጠፋ ያልተፈለፈለው እሽት ምን ሆነ?» ስብራት ላይ ጣት ማስቀመጥ ነው። በድሮ ሥራዬ ሰው ሲያማርር «አይዞዎት፣ እናስተካክለዋለን» ብዬ ቶሎ ከሕመሙ አወጣው ነበር። አሁን ግን ዝም ብዬ አዳመጥኩ። እሽት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ሐጂ ሁለት ሌሊት እንዲህ ሆኖባቸዋል። በአንደኛው ሌሊት 60 ኩንታል እሽት ነበር። ስድስት ኪሎ እሽት አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ስለዚህ አሥር ኩንታል መሆኑ ነው። በደረጃው መውረድ በኪሎ ስንት እንዳጡ እሳቸው ተናገሩ፣ እሳቸው አባዙ፣ እሳቸው ዝም አሉ። ቁጥሩ የእኔ ቢሆን ኖሮ ይከራከሩኝ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይሄድም። በዚያው ሰሞን አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ደውሎልኝ ነበር። ያንኑ ስጠይቀው ግዥው በሥራ አመራር ኮሚቴው በኩል እንደሚያልፍና በጀቱ ገና ጠቅላላ ጉባኤ እንዳልቀረበ ነገረኝ። ለእሱ ዋጋ አልላክሁም፤ ጉባኤው የሚደረግበትን ቀን ጽፌ ያዝኩ። ለአገልግሎት ሰው «አሁን አልልክም» ማለት ሥራ መፍታት ይመስላል። ነገር ግን ብር የሌለበት ፕሮፎርማ ቀኑ ያልፍበታል። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ እኛ ቤት ፕሮፎርማ የሚጸናበት ቀን አጭር ነው። ያለፈበት ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ አዲሱን ዋጋ ሲሰማ የሚቆጣው በእኔ ላይ ነው።

«ተወደደ»

ዋጋውን ለሐጂ የነገርኳቸው ሳይታቸው ድረስ ሄጄ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ። «ተወደደ» አሉ።

ይህቺ ቃል ለአገልግሎት ሰው ቅሬታ ናት። ቅሬታ ስትሰማ እጅህ በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ የምትሰጠው ነገር ትፈልጋለህ። እኛ ጋ ሽያጭ ክፍል ያለው ሰው አምስት በመቶ የመቀነስ ሥልጣን አለው። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ለስሌት እንዲመች ማሽኑ 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፣ የድርጅቱ ትርፍ ደግሞ 12 በመቶ፣ ማለትም 120 ሺህ። አምስት በመቶ ስትቀንስ 50 ሺህ ሄደ። ዋጋው የወረደው በአምስት በመቶ ነው፤ ትርፉ ግን ከ40 በመቶ በላይ ወረደ። የአገልግሎት ሰው ይህን ስሌት የሚያይበት አጋጣሚ የለውም። ዕቃ ሲለውጥ፣ ነፃ ሰርቪስ ሲሰጥ፣ ሂሳቡ ሌላ ቦታ ነው የሚወራረደው። ከጥያቄው ቀጥሎ የሚጠናው ይህ ይመስለኛል፦ የምትሰጠው ነገር ከምን ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅ።

ደግሞ «ተወደደ» አንድ ነገር ብቻ ማለት አይደለም። ሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ የሚውል ሰው ዶሮም ቢሆን «ተወደደ» ሳይል አይገዛም፤ ወግ ነው። ሌላው «ከጎረቤቴ ዋጋ ይበልጣል» ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ «አሁን እጄ ላይ የለም» ማለቱ ነው። ለሦስቱ የሚሰጠው መልስ ፍጹም ይለያያል። ወግ ለሆነው ትንሽ መጨዋወት ይበቃዋል። ከጎረቤት ጋር ላስተያየ ሰው ስሌቱን መልሰህ ታሳያለህ። ብር ለሌለው ደግሞ ቅናሽ አይረዳውም፤ የአከፋፈሉ ጊዜ ነው የሚረዳው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ዋጋ ከቀነስክ፣ ላልተጠየቅከው ጥያቄ ከፈልክ ማለት ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም አልኩ። ረጅም ነበር፤ ለእኔ በተለይ። ስልክ ላይ ዝምታ ማለት መስመሩ ተቋረጠ ማለት ነበርና። ሐጂ ስኒያቸውን አስቀመጡና ራሳቸው ቀጠሉ፦ «ባንዴ ሁሉንም ካልከፈልኩ አይሆንም?» የገንዘብ ጊዜ ነበር ጥያቄው። ዋጋው ላይ ምንም አልነበረም።

እንግዲህ ቅድመ ክፍያውን ነሐሴ ሳያልቅ ካስገቡ፣ ቀሪውን ማሽኑ ሳይቱ ደርሶ ፈልፋዩ ሲነሳ እንዲከፍሉ ተስማማን። የመጀመሪያውን የ50 ሰዓት ዘይትና ፊልትሮ እኛ እንቀይራለን አልኳቸው። ይህን በነፃ አልሰጠሁም፤ በቀኑ ለወጥኩት። ቀኑ ካለፈ ይቀራል። ስንለያይ «ኢንሻአላህ እናያለን» አሉ። ድሮ በዚህ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። አሁን ግን «ዓርብ ከሶላት በኋላ ልደውልልዎት?» አልኩ። «ደውይ» አሉ። ይህቺ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ቀን የሌለው ቀጠሮ ሽያጭ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። ዓርብ ደወልኩ። ልጃቸው ያንን ገጽ ለሁለት የመርካቶ ሻጮች አሳይቶ፣ አንደኛው «ልክ ናት» እንዳለው ነገሩኝ። ብሩ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ገባ። ስታር ዴልታውን ግን መርካቶ ረከሰ ብለው ከሌላ ገዙ። ይሁን።

ስልኩ አሁንም ይጠራል

ማንም ያልነገረኝ አንድ ችግር ነበር፤ ከአገልግሎት በመጣሁ የተከተለኝ። ደንበኞቹ ድምፄን ያውቁታል። ማሽን የገዛኝም ያልገዛኝም፣ ሲበላሽበት የሚደውለው ለእኔ ነው። ጥቅምት ላይ ጠዋቴ ሙሉ «ሲሊንደሩ ላብ አላበው»፣ «ባትሪው ሞተ» ስሰማ ያልፋል። እያንዳንዱን ደግሞ መፍታት እችላለሁ! ፈተናው እሱ ነው። የምትችለውን ሥራ መሥራት ከማትችለው ይጥማል። አዲስ ሰው ጋ ደውሎ «አያስፈልገንም» ከመባል፣ የሚያመሰግንህን ሰው ባትሪ ማስቀየር ይሻላል። ወሩ ሲያልቅ ግን ቆንጆ ሥራ ሠርተህ የሸጥከው ነገር የለም። እኛ ቤት የሽያጭ ሠራተኛ ደሞዝ ከአገልግሎቱ ያነሰ ነው፣ የቀረው ኮሚሽን ነው። የቤት ኪራይ ደግሞ በምስጋና አይከፈልም።

ስልኩን ባልመልስ አልችልም፤ ያ እምነት ነው ሐጂን ያመጣልኝ። ያገኘሁት መንገድ ይህ ነው። አነሳለሁ፣ ችግሩን በአንድ አረፍተ ነገር ደግሜ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ እዚያው ስልክ ላይ የአገልግሎቷን ልጅ አስገብቼ ሦስት ሆነን እናወራለን። «ይቺ ልጅ ከእኔ ትሻላለች፣ ቁጥሯን ያዙ» እላለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ማታ ላይ መዝገቡን ከእሷ ወስጄ አነባለሁ፤ ከሁለት ጊዜ በላይ «ያቃስትና ይጠፋል» ያለ ሳይት ካለ ስሙን ለነሐሴ እጽፋለሁ።

ባለፈው ይቺው ልጅ ሽያጭ ክፍል ቦታ ሲከፈት ልትወዳደር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ምን ላጥና አለችኝ። የትርፍ ሂሳቡን ከፋይናንስ ሄደሽ ጠይቂ አልኳት። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ለሚደውል ሁሉ ወደ ሽያጭ ከማሻገርሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ ምን ሊያስነሳበት ነው?